ይቅርታና ቅጣት፦ ፍዳ፣ መቀጣጫና ማቅናት



በየሰበካው የምታገለግሉ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ደጋግማችሁ ከምታነሡአቸው ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ የሚል ነው፦ «ሟቹም ገዳዩም የእኛው ምእመናን ናቸው። ሽማግሌዎች አስታርቀዋል፤ የደም ካሣ ተከፍሏል፤ ቤተሰቦቹም ከአንድ ማዕድ በልተዋል። ታዲያ ፍርድ ቤቱ ከዚህ በኋላ የሚፈልገው ምንድን ነው? ይቅር ከተባለስ በኋላ ሰውን ማሰር ከወንጌል ጋር እንዴት ይስማማል?» በዚህ እትም ይህን ጥያቄ ጊዜ ወስደን እንመረምረዋለን።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ እናቁም። ሰዎቹ ለትምህርቱ የተሣሉ ናቸው፤ ታሪኩ ግን ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ከቦንጋ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የገጠር ቀበሌ ሁለት ጎረቤታሞች በቡና ማሳ ወሰን ይጣላሉ። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ ክፉ ቃል ይለዋወጣሉ፤ አንደኛው በያዘው ዱላ የሌላውን ራስ ይመታል፤ የተመታውም በማግሥቱ ያርፋል። ሚስቱና ሦስት ልጆቹ ያለ አባወራ ይቀራሉ። ገዳዩ ይሸሻል፤ ሽማግሌዎች በመካከል ይገባሉ፤ የገዳዩ ወገኖች ገንዘብና ከብት አዋጥተው ካሣ ይከፍላሉ፤ ደሙም «ደረቀ» ይባላል። በመጨረሻም ሽማግሌዎቹ ድብደባውን በዓይኑ ያየውን ሰው ይጠሩታል። ይህ ሰው የጸሎት ቤቱ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ነው። «ነገሩ በዕርቅ አልቋል፤ ፍርድ ቤት ቢጠራህ አላየሁም በል፤ የቆሰለውን አታድማ» ይሉታል።

ይህ መምህር ምን ያድርግ? መልሱን ለማግኘት አስቀድመን ሰው ስለ ምን እንደሚቀጣ ማወቅ ይገባናል። ለዚህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ሦስት መልሶች ተሰጥተዋል፤ ሦስቱም በየጊዜው ይጋጫሉ።

1. ፍዳ፦ ለበደሉ የሚገባውን መቀበል

የመጀመሪያው መልስ ሰው የሚቀጣው ስለ በደለ ነው ይላል። ቅጣቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ተፈጸመው ድርጊት ይመለከታል። በደሉ የሰውን ክብርና የማኅበሩን ሥርዓት አፍርሷልና በዳዩ በበደሉ መጠን ዋጋ ሊከፍል ይገባዋል ማለት ነው።

ብዙ ሰዎች ይህን መልስ ከበቀል ጋር ያደባልቁታል። ሆኖም በብሉይ ኪዳን ስለ ዓይንና ስለ ጥርስ የተነገረው ሕግ (ዘጸ. 21) የተሰጠው በቀልን ሊገታ እንጂ ሊያስፋፋ አይደለም። ከዚያ በፊት በኦሪት ዘፍጥረት ላሜሕ ስለ አንድ ቁስል ሰባ ሰባት እጥፍ እንደሚበቀል ሲፎክር እናነባለን (ዘፍ. 4)። ሕጉ በዚህ ላይ ወሰን አኖረ፤ ስለ አንድ ዓይን ከአንድ ዓይን በላይ መጠየቅ ከለከለ። ጌታችንም ለጴጥሮስ ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር እንዲል ሲነግረው (ማቴ. 18) የላሜሕን ቍጥር ወደ ይቅርታ ገልብጦታል። ስለዚህ ፍዳ በትክክል ሲገባን ሁለት ነገር ይጠብቅልናል። አንደኛ፣ ያልበደለ ሰው እንዳይቀጣ ያደርጋል፤ ወንድም ስለ ወንድሙ፣ ልጅ ስለ አባቱ አይጠየቅም። ሁለተኛ፣ የበደለውም ቢሆን ከበደሉ መጠን አልፎ እንዳይቀጣ ይከለክላል።

በአገራችን በቀድሞው ዘመን በነፍስ ግድያ የተፈረደበት ሰው ለሟች ወገኖች ይሰጥ ነበር። እነርሱ ከፈለጉ ይገድሉታል፤ ከፈለጉ የደም ዋጋ ተቀብለው ይተዉታል። ዘመናዊው የወንጀል ሕግ ይህን ሥልጣን ከቤተሰብ እጅ አውጥቶ ለመንግሥት ሰጠ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የተቆጣ ሰው መጠንን አይጠብቅም፤ ደካማ ወገንም ከኃያል ወገን ላይ ፍርዱን ማስፈጸም አይችልም።

የፍዳ ጕድለቱ ግን እዚህ ላይ ነው። በምሳሌአችን ገዳዩ የሚገባውን ዓመት ቢታሰር የመበለቲቱ ማሳ አይታረስም፤ የልጆቹ የትምህርት ቤት ወጪ አይሸፈንም። ፍዳ ስለ በዳዩ ብዙ ይናገራል፤ ስለ ተበዳዩ ግን ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል።

2. መቀጣጫ፦ ወደፊት እንዳይደገም መከልከል

ሁለተኛው መልስ ወደ ፊት ይመለከታል። ሰው የሚቀጣው እርሱ ራሱ ደግሞ እንዳያጠፋ፣ ሌሎችም አይተው እንዲፈሩ ነው ይላል። የ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 1 ዓላማውን ሲገልጽ በዋናነት የሚናገረው በዚህ ቋንቋ ነው። ሕጉ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያው ካልበቃ አጥፊውን ይቀጣል፤ ቅጣቱም ለሌሎች ትምህርት ይሆናል፤ አጥፊውም እንዲታረም ያደርጋል። ስለ ፍዳ በዚያ አንቀጽ በቀጥታ የተነገረ ነገር የለም።

መቀጣጫነት ለብቻው ሲቆም ምን እንደሚመስል ግን የእኛ ትውልድ በዓይኑ አይቶታል። በቀይ ሽብር ዘመን የወጣቶች አስከሬን በየመንገዱ ተጥሎ፣ በደረቱም ላይ ጽሑፍ ተለጥፎ ያድር ነበር። ዓላማው ሌላው እንዲያይና እንዲፈራ ነበር። የተገደለው ወጣት በእርግጥ በደለ ወይስ አልበደለም የሚለው ጥያቄ ለዚህ ዓላማ አስፈላጊ አልነበረም። ንጹሕ ሰውም ቢገደል ያስፈራልና። ማስፈራት የፍዳን ወሰን ሲጥል ወደዚህ ይደርሳል። ሰውን ለሌላ ዓላማ መሣሪያ ማድረግ የምንለውም ይህን ነው።

ሌላም ልንዘነጋው የማይገባ ነገር አለ። ጣልያናዊው የሕግ ሊቅ ቤካርያ በ1764 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ሰውን ከወንጀል የሚገታው የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን የማይቀር መሆኑ ነው። ከባድ ነገር ግን የማይፈጸም ቅጣት ማንንም አያስፈራም፤ መጠነኛ ነገር ግን እርግጠኛ የሆነ ቅጣት ያስጠነቅቃል። ወደ ምሳሌአችን ስንመለስ፣ ያየው ሰው ሁሉ «አላየሁም» ካለ በዚያ ቀበሌ መቀጣጫ የሚባል ነገር አይኖርም። ወጣቱ የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘመድ ያለው ሰው መግደል ይችላል፤ ዋጋውም ዘመዶቹ የሚያዋጡት ገንዘብ ነው።

3. ማቅናት፦ የተሰበረውን መጠገን

ሦስተኛው መልስ ጥያቄውን ይለውጠዋል። «በዳዩ ምን ይገባዋል?» ከማለት ይልቅ «ማን ተጎዳ? ጉዳቱ እንዴት ይጠገናል? ይህንስ የመጠገን ግዴታ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የሽማግሌዎቻችን ሥርዓት ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ለዚህ መልስ ነው፤ የጎረቤቶቻችን የኦሮሞ ሕዝብ የጉማ ሥርዓትም እንዲሁ። ሁለቱ ቤተሰቦች ነገም በአንድ መንገድ ይሄዳሉ፤ ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፤ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። ፍርድ ቤቱ አንዱን ሰው አስሮ ፋይሉን ሲዘጋ በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ደም ግን ክፍት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ሽማግሌዎች ያንን ይዘጋሉ፤ ይህም ታላቅ ሥራ ነው።

የሆነ ሆኖ ማቅናትም የራሱ አደጋ አለው፤ በሦስት ምልክቶች ይታወቃል። የመጀመሪያው፣ ካሣው ለማን ደረሰ የሚለው ነው። ገንዘቡ በሟች ወንድሞች መካከል ተከፋፍሎ መበለቲቱና ልጆቹ ባዶ እጃቸውን ከቀሩ የተጠገነ ነገር የለም። ሁለተኛው፣ ማን ከፈለ የሚለው ነው። ወገኖቹ ሁሉን አዋጥተው ገዳዩ ራሱ ምንም ካልተሸከመ፣ በደሉንም በአንደበቱ ካልተናገረ፣ ዕርቁ በጎሣዎች መካከል የተደረገ ውል እንጂ የአንድ ሰው ንስሐ አይደለም። ሦስተኛው፣ ተበዳዩ በነጻነት ተናገረ ወይ የሚለው ነው። በተለይ ሴት በተደፈረችበት ጊዜ ቤተሰቧ ካሣ ተቀብሎ እርስዋን ዝም ሲያሰኛት፣ ይባስም ብሎ ለደፈራት ሰው ሲድራት፣ ያ ዕርቅ ሁለተኛ በደል ነው። እርስዋ ይቅር አላለችም፤ ማንም አልጠየቃትምና።

4. ይቅርታ የማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በአማርኛችን «ይቅርታ» የሚለው አንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸከማል። የተበደለ ሰው በልቡ በቀልን ሲተው ይቅርታ እንላለን። ርእሰ ብሔሩ ወይም ሥልጣን ያለው አካል የእስረኛን ቅጣት ሲያስቀር ወይም ሲቀንስም ሕጉ ይቅርታ ይለዋል። ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሣው እነዚህን ሁለቱን እንደ አንድ ስንቈጥራቸው ነው።

የልብ ይቅርታ የተበዳዩ ነው። መንግሥት በእርስዋ ስም ሊሰጠው አይችልም፤ ሽማግሌም፣ ካህንም አይችልም። መበለቲቱን ልንመክራትና አብረናት ልንጸልይ እንችላለን፤ ወንጌልም ሁላችንን ወደ ይቅርታ ይጠራናል፤ ቃሉን ከአፍዋ ነጥቀን መናገር ግን አይቻለንም። የቅጣት ሥልጣን ደግሞ የእርስዋ አይደለም። ቅጣቱ የቆመው ስለ እርስዋ ብቻ ሳይሆን በነጋታው ሊመታ ስለሚችለው ስለ ሌላው ጎረቤትም ነው። ስለዚህ እርስዋ በእውነት ይቅር ብትል የራስዋን በቀል ትተዋለች፤ የሌሎችን ጥበቃ ግን ልትተው አትችልም፤ የእርስዋ አይደለምና።

ለዚህ የቅርብ ዘመን ምስክር አለን። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በግንቦት 1973 ዓ.ም. በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ በጥይት ከተመቱ በኋላ ገና በሕመም ላይ ሳሉ ለመታቸው ሰው ይቅርታ ማድረጋቸውን አስታወቁ። በታኅሣሥ 1976 ዓ.ም. በሮም ወኅኒ ቤት ድረስ ሄደው መህመት አሊ አግጃን ጎበኙት፤ አጠገቡም ተቀምጠው አነጋገሩት። ሆኖም በማግሥቱ የወኅኒው በር አልተከፈተለትም። የጣልያን ፕሬዚዳንት ይቅርታ ያደረጉለት በ1992 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ከጥቃቱ ወደ 19 ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ይቅርታ የተመታው ሰው ነበረ፤ ሁለተኛው የመንግሥት ነበረ። ቅዱስ አባታችን ሁለቱን አላደባለቁም። እርሳቸው ራሳቸው በ1973 ዓ.ም. ስለ መለኰታዊ ምሕረት በጻፉት መልእክት ይቅርታ የፍትሕን ጥያቄ እንደማይሽር፣ የተጎዳውን መካስም የይቅርታ አካል እንደ ሆነ አስተምረዋል።

ይህ ትምህርት ከምስጢረ ንስሐ ሥርዓት ጋር አንድ ነው። ኃጢአተኛው ፍትሐት ይቀበላል፤ ኃጢአቱም ይሰረይለታል። ያም ሆኖ ካህኑ ቀኖና ይሰጠዋል፤ የሰረቀውን እንዲመልስ፣ ስሙን ያጠፋውን ሰው ስም እንዲያቀና ያዝዘዋል። ስርየቱ የተደረገውን ጉዳት አልጠገነምና። ዘኬዎስ ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ «ተቀባይነት አግኝቻለሁ፤ በቃ» አላለም፤ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ (ሉቃ. 19)።

5. የደርግ ባለሥልጣናት ጉዳይ

ሦስቱ የቅጣት ምክንያቶችና ሁለቱ ይቅርታዎች በአገራችን በአንድ መዝገብ ላይ በግልጽ የተገናኙበት ጊዜ አለ። በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 22 ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ። ሥራው የቀድሞውን መንግሥት ባለሥልጣናት መክሰስ ብቻ ሳይሆን የተፈጸመውን በሰነድ መዝግቦ ለትውልድ ማስቀመጥም ነበር። በኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና በደርግ አባላት ላይ የተከፈተው ክስ ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. መሰማት ጀመረ። ሊቀ መንበሩ በዚምባብዌ ስለ ነበሩ ጉዳያቸው በሌሉበት ታየ። ከተከሰሱባቸው ድርጊቶች መካከል በኅዳር 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ የተረሸኑት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ባለሥልጣናት ጉዳይ ይገኝ ነበር።

በእስር ላይ የነበሩት ባለሥልጣናት በ1996 ዓ.ም. ለጠቅላይ ሚኒስትሩ በጻፉት ደብዳቤ ሕዝቡን ይቅርታ የሚጠይቁበት መንገድ እንዲከፈትላቸው ለመኑ። የፍርዱ ሂደት ግን ቀጠለ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ጥፋተኞች ናቸው አለ፤ በጥር ወር ደግሞ በዋናዎቹ ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደ። ዐቃቤ ሕግ ቅጣቱ አነሰ ብሎ ይግባኝ አለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ወደ ሞት አከበደው።

እዚህ ላይ ሦስቱን መልሶች እንመዝን። ፍዳ የሞትን ቅጣት ሊጠይቅ ይችላል፤ የጠፋው ነፍስ ብዙ ነውና። መቀጣጫ ሥልጣን ላይ ያለ ሁሉ አንድ ቀን እንደሚጠየቅ ማሳየት ይፈልጋል፤ ይህ ትምህርት ግን በዋናነት የተገኘው ከሞቱ ሳይሆን ከፍርዱ ነው። ማቅናት ደግሞ ሌላ ነገር ይጠይቃል፤ የጠፋው ልጅ የት እንደ ተቀበረ የሚናገር አንደበት፣ በደሉን በስሙ የሚጠራ ሰው ያስፈልገዋል። የሞተ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም።

ከዚህ በኋላ የሃይማኖት አባቶች፣ የኦርቶዶክስ፣ የእስልምና፣ የካቶሊክና የወንጌላውያን መሪዎች፣ የእስረኞቹን የይቅርታ ልመና ይዘው ተነሡ። መንገዳቸውን ግን ሕገ መንግሥቱ አጥሮታል። አንቀጽ 28 በሰው ዘር ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ እንደማይታገዱ፣ በምሕረትም ሆነ በይቅርታ እንደማይታለፉ ይደነግጋል። አንድ ጠባብ በር ብቻ ይተዋል፤ ርእሰ ብሔሩ የሞት ቅጣትን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ሊለውጥ ይችላል። ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ግንቦት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ የ23 ሰዎችን የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡ። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ከእነርሱ ብዙዎቹ በአመክሮ ተፈቱ። አመክሮ ይቅርታ አይደለም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 መሠረት ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው 20 ዓመት ከታሰረ በኋላ ጠባዩ መታረሙ ከታየና የሚቻለውን ያህል ጉዳቱን ከካሰ በገደብ የሚለቀቅበት ሥርዓት ነው። አብዛኞቹ በ1983 ዓ.ም. የታሰሩ ስለ ነበሩ 20 ዓመቱ ሞልቶ ነበር።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ ፍርዱ አልተሻረም፤ መዝገቡም አልተዘጋም። የተለወጠው የቅጣቱ መጠንና አፈጻጸም ነው። በዚህ ረገድ ምሕረትና ፍትሕ በአንድ መንገድ ሄደዋል። ሆኖም ከሟች ቤተሰቦች አንዳንዶቹ ቅሬታቸውን በግልጽ አሰሙ። ቅሬታቸው ሊናቅ አይገባም። የሃይማኖት አባቶች ልመናን ሊያደርሱ ይችላሉ፤ የሞት ፍርድ እንዲቀየርም ሊማልዱ ይገባቸዋል፤ ቤተ ክርስቲያናችንም በ2010 ዓ.ም. በተሻሻለው ትምህርተ ክርስቶስ የሞት ቅጣት ተቀባይነት የለውም ብላ አስተምራለች። ልጅዋን ያጣች እናት ግን ይቅር ማለቷን ወይም አለማለቷን የምትናገረው እርስዋ ብቻ ናት። የመንግሥት ውሳኔ «ይቅርታ» ተብሎ ሲታወጅ እርስዋ ያልሰጠችው ነገር የተወሰደባት ይመስላታል። ቃሉ አንድ ስለ ሆነ ነው እንጂ በእርግጥ ከእርስዋ የተወሰደ ነገር አልነበረም።

ይህን መለየት ዛሬም ያስፈልገናል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ክስን፣ እውነትን ማውጣትን፣ ካሣን፣ በሁኔታ የተገደበ ምሕረትንና ባህላዊ ፍትሕን አንድ ላይ ይዟል። እነዚህ ሁሉ በየቦታቸው ካልተቀመጡ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል።

6. ወደ ቡና ማሳው እንመለስ

በምሳሌአችን ዐቃቤ ሕግ ተከሳሹን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540 ቢከስሰው ቅጣቱ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። እንደ ስድብ ያሉ ቀላል ጥፋቶች በተበዳዩ አቤቱታ ብቻ የሚታዩ ስለ ሆኑ ዕርቅ ሊዘጋቸው ይችላል። ነፍስ ግድያ ግን ከእነዚህ ወገን አይደለም፤ ቤተሰቡ ቢታረቅም ክሱ ይቀጥላል።

ታዲያ ዕርቁ በፍርድ ቤት ዋጋ የለውም ማለት ነውን? አይደለም። የዚያው ሕግ አንቀጽ 82 ከቅጣት ማቅለያዎች አንዱ አድርጎ የሚቈጥረው እውነተኛ ጸጸትን ነው። ጸጸቱም የሚታወቀው ጥፋትን በማመን፣ ራስን ለፍትሕ አካል በመስጠት፣ ጉዳቱን በተቻለ መጠን በመካስ ነው። ስለዚህ ገዳዩ ቀርቦ እጁን ከሰጠ፣ የሆነውን ካመነና ካሣው ለመበለቲቱ መድረሱን ካስረዳ ዳኛው በዚያው ልክ ያቀልለታል። ለምሳሌ ያህል 9 ዓመት ቢፈረድበት፣ ሁለት ሦስተኛውን፣ ማለትም 6 ዓመት ፈጽሞ በጠባዩ መልካምነትና በካሣው በአመክሮ ሊወጣ ይችላል። በሌላ በኩል በአንቀጽ 101 መሠረት የሟች ወራሾች የካሣ ጥያቄአቸውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምረው ማቅረብ ይችላሉ።

እንግዲህ ሦስቱ መልሶች በየድርሻቸው ይቆማሉ። ፍዳ ማን እንደሚቀጣና ቅጣቱ ከምን በላይ ሊያልፍ እንደማይገባው ይወስናል። መቀጣጫ ፍርዱ በግልጽና በእርግጠኝነት እንዲፈጸም ይጠይቃል። ማቅናት ደግሞ በዚያ ወሰን ውስጥ ቅጣቱ ወዴት ሊያመራ እንደሚገባ ያሳያል። የልብ ይቅርታ ከሦስቱ አንዱንም አይተካም፤ ሦስቱንም ከጥላቻ ያነጻቸዋል።

አሁን የጸሎት ቤቱ መምህር ለሽማግሌዎቹ ምን ይመልስ? እንዲህ ቢል ከወንጌልም ከሕግም ጋር ይስማማል፦ «አባቶቼ፤ ያስታረቃችሁትን አላፈርስም፤ በዕርቁም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ያየሁትን አላየሁም ብል በሟቹ ላይ ሁለተኛ ጊዜ ዱላ ማንሣቴ ነው። ፍርድ ቤት ብጠራ ያየሁትን እናገራለሁ፤ ስለ ዕርቁም፣ ስለ ጸጸቱም፣ ለልጆቹ ስለ ተሰጠውም ነገር ያንኑ ያህል እናገራለሁ። እናንተም ከእኔ ጋር መጥታችሁ ይህንኑ ለዳኛው ንገሩት። ልጁንም አሳምኑትና እጁን ይስጥ፤ እስከ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ አብሬው እሄዳለሁ።»

በሐሰት መመስከር ወንጀልም ኃጢአትም መሆኑን ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ። የሚያስቸግራቸው እውነቱ ዕርቁን ያፈርሰዋል የሚለው ፍርሃት ነው። የትኛው ዕርቅ እንደሚፈርስ ግን እንጠይቅ። በገዳዩ ኑዛዜ፣ በመበለቲቱ ነጻ ቃልና ለልጆቹ በደረሰ ካሣ ላይ የቆመ ዕርቅ በምስክር ቃል አይፈርስም። በዝምታ ላይ ብቻ የቆመው ግን ልጆቹ አድገው አባታቸውን ማን እንደ ገደለው በሚሰሙበት ቀን ይፈርሳል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በሰበካችሁ በተደረገ አንድ ዕርቅ ካሣው ለማን ደረሰ? በዳዩ ራሱ ምን ተሸከመ? ተበዳዩስ በራሱ አንደበት ተናገረ ወይ?

ለ. ጌታችን ይቅር በሉ ሲል ለተበደለው ሰው የሰጠውን ትእዛዝ እኛ በእርሱ ምትክ ሆነን የፈጸምንበት ጊዜ አለ? ውጤቱስ ምን ሆነ?

ሐ. ታስሮ የተፈታ ሰው ወደ መንደራችሁ ሲመለስ ቅጣቱን እንደ ፈጸመ ሰው ትቀበሉታላችሁ ወይስ ቅጣቱን እናንተ ታስቀጥሉበታላችሁ? ቃየን ከተቀጣ በኋላ እግዚአብሔር ያኖረበት ምልክት (ዘፍ. 4) ስለዚህ ምን ያስተምረናል?